ስልጆን ለገበያ ማቅረብ፦ ከምግቡ ምርጫ በፊት የሚሸጥበትን ደረጃ መምረጥ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከቤት ሙያ ተነስቶ የምግብ ንግድ መጀመር የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ «ምን ምግብ ብሸጥ ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ። አንድ የቤት ምግብ ከጥሬ እህል ተነስቶ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ድረስ ብዙ ደረጃዎችን ያልፋል። በአንዱ ደረጃ ላይ ለወራት ይቀመጣል፣ በሌላው ላይ ሳምንት አይሞላም። በአንዱ ላይ ማንም ሊሠራው ይችላል፣ በሌላው ላይ ሙያ ያለው ሰው ብቻ ይደርስበታል። ስለዚህ ሥራውን የትኛው ደረጃ ላይ አቁመን እንደምንሸጥ ካልወሰንን የምግቡ ስም ብቻውን አዋጭ መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። ይህን ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ በሚሠራው የጾም ምግብ፣ በስልጆ ላይ እየሠራን እንየው። ስልጆን የመረጥኩት ልዩነቱም ድካሙም የመበላሸት አደጋውም ጎልቶ የሚታይበት ስለሆነ ነው።

አንደኛ፦ ጓዳ ውስጥ ያለውን በሦስት ጥያቄ መለየት

በወረቀት ላይ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ምግቦች ይጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ይመልሱ። ገዢው በሌላ ቦታ ያገኘዋል? እጅ ምን ያህል ሰዓት ይይዛል? ከተሠራ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል? እጅ የሚይዝበትን ሰዓት እና ምግቡ በራሱ የሚቆይበትን ሰዓት እንዳያምታቱ። ማሰሮ ውስጥ አምስት ቀን የሚተኛ ምግብ የአምስት ቀን ድካም የለበትም፤ የሚጠይቀው ቦታና ትዕግሥት ነው።

በሶን ይውሰዱ። ገብሱ ታምሶ ይፈጫል፣ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም፣ ድካሙም ቀላል ነው። ነገር ግን ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን በሶ የማያዘጋጅ ቤት ጥቂት ነው። ገዢው በቤቱ ያለውን ነገር በትንሽ ዋጋ እንጂ በውድ አይገዛም። በሶ አያከስርም፣ ግን በርካሽነት ካልሆነ በስተቀር ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል።

ጭኮ ከዚያ ከፍ ይላል። የገብሱ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ሲለወስ ውሃ ስለማይገባበት ሻጋታ በቀላሉ አይዘውም። ጭኮን የሚያበላሸው በብዛት የቅቤው መጎምዘዝ ነው፤ ይህም ቅቤው በደንብ ካልተነጠረ ወይም ዕቃው ብርሃንና ሙቀት ላይ ከተቀመጠ ይፈጥናል። ትልቁ ገደቡ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በየረቡዑና በየዓርቡ የቅቤ ምግብ የሚገዛው ሰው ይሳሳል፤ የቅቤም ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ጥሬ ዕቃው ብቻውን ብዙ ገንዘብ ይይዛል።

ስልጆ የእነዚህ ተቃራኒ ነው። የጾም ምግብ ስለሆነ ፍላጎቱ የሚመጣው ጭኮ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። ከተማ ውስጥ ሱፍ የሚያጠልል፣ ባቄላ የሚከካ፣ ሰናፍጭ የሚፈጭ ቤት እየቀነሰ ስለሄደ ስልጆን የሚወድ ሁሉ አያገኘውም። ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ እርጥብ ስለሆነም ይበላሻል። ልዩነቱ ድካሙንና ብክነቱን ይሸፍናል ወይ የሚለውን በግምት ሳይሆን በሥራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ የሚቆምበትን ደረጃ መምረጥ

ስልጆ ሦስት ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል።

የመጀመሪያው ደረቅ ደረጃው ነው። ባቄላው ታምሶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ ከደረቅ ቅመም ጋር ይታሸግና ገዢው ሱፉንና ሰናፍጩን ጨምሮ ቤቱ ይሠራዋል። ይህ ለወራት ይቀመጣል። ነገር ግን ለገዢው ከባዱ ሥራ ሱፉን መውቀጥና ማጥለል፣ ከዚያም ማብሰልና ማብላላት ነው፤ ይህን ሁሉ ለእሱ ትተንለታል ማለት ነው። ሱፉን ፈጭተን እንጨምርለት ብንል ደግሞ ሱፍ ዘይት ያለው ፍሬ ስለሆነ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይጎመዝዛል። የባቄላ ዱቄቱም ብቻውን ከሽሮ ዱቄት ብዙ አይለይም።

ሦስተኛው ቦታ ገበታ ነው፤ ስልጆውን በእንጀራ አድርጎ በምግብ ቤት መሸጥ። ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፣ ግን የእንጀራው፣ የቤት ኪራዩና የአስተናጋጁ ወጪ ይጨመርበታል፤ ስልጆም እንደ ዋና ምግብ ሳይሆን ከሌላ ወጥ ጎን የሚቀርብ ነው። ምግብ ቤት ላለው ሰው ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ አልመክረውም።

መካከለኛው ደግሞ በስሎና ተብላልቶ ያለቀውን ስልጆ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ መሸጥ ነው። ከባዱ ድካም በእኛ እጅ ያልቃል፤ ገዢው ከፍቶ ይበላል። ሲብላላ የሚመጣው እርሾ ያለው ጎምዛዛ ጣዕም ራሱ ምግቡን ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቀዋል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድም ይረዳዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለዚህ ደረጃ የተዘጋጀ ነው።

ሦስተኛ፦ የሙከራውን ዙር መሥራት

ለመጀመሪያ ዙር 1 ኪሎ የባቄላ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ሱፍ፣ 5 ሊትር ያህል ውሃ፣ 100 ግራም ሰናፍጭ፣ 150 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ 100 ግራም ጨው፣ ጤና አዳምና በሶብላ በልክ ያዘጋጁ። ከዚህ ወደ 5 ኪሎ ገደማ ስልጆ ይወጣል። ቤትዎ የለመደው መጠን ከዚህ የተለየ ከሆነ የቤትዎን ይያዙ፣ ግን በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን መዝነው ይጻፉት። በእፍኝ የተሠራ ስልጆ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጣዕም አይሰጥም፤ ገዢው ደግሞ የሚመለሰው ያንኑ ጣዕም ፈልጎ ነው።

ባቄላውን የተፈጨ አይግዙ፤ ፍሬውን ገዝተው ራስዎ ያስፈጩ። በአካባቢያችን ጓያ ስለሚዘራ ዱቄት ውስጥ ሊቀላቀል ይችላል፤ ጓያን አዘውትሮ በብዛት መብላት ደግሞ እግርን ሽባ ያደርጋል። የባቄላ ፍሬና የጓያ ፍሬ በዓይን ይለያያሉ፤ ዱቄት ከሆኑ በኋላ ግን መለየት አይቻልም። ወፍጮ ቤት ሲሄዱም ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ ይጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ጥቂት ዱቄት ለብቻ ያስቀምጡት።

ባቄላውን ለቅመው፣ በመካከለኛ እሳት ምጣድ ላይ ሽታው እስኪወጣና ልጣጩ እስኪላቀቅ ያምሱት። ካረረ ስልጆው መራራ ይሆናል፤ በደንብ ካልታመሰ ጥሬ ጥሬ ይላል። ከዚያ ይከኩት፣ በሰፌድ ያበጥሩት፣ ያስፈጩት።

ሱፉ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚፈለገው ነጭ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የአገር ሱፍ ነው፤ የፈረንጅ ሱፍ የሚባለው ባለ ትልቅ አበባው ፍሬ አይደለም። ሱፉን ለቅመው ለብ ለብ አድርገው ያምሱት፤ ቶሎ ቶሎ ካላገላበጡት ያርራል። በሙቀጫ ይውቀጡት ወይም ያስፈጩት፤ ለብ ባለ ውሃ ይበጥብጡትና በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። ገለባው ላይ ጥቂት ውሃ ጨምረው ደግመው ይጭመቁት። የሚወጣው ውሃ ወተት ይመስላል። ቀጭን ከሆነ ስልጆው ሳሳ ይላል፤ ገለባ ካለፈበት ጉሮሮ ይቧጥጣል። ይህን የሱፍ ውሃ ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ያብስሉት።

የሱፍ ውሃውን በድስት አፍልተው የባቄላውን ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ ያማስሉት። እንዳይጓጉል አንድ ሰው ይነስንስ፣ ሌላው ያማስል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ያብስሉት። ማማሰያው ሲነሳ ቀስ ብሎ የሚወርድ ወፍራም ገንፎ መሰል ነገር ሲሆን ደርሷል። ጨውን በማብሰያው መጨረሻ ይጨምሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ብዙ ስልጆ የሚበላሽበት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በየትኛውም አገር ቢሆን መፍላት ብቻውን ሁሉንም ረቂቅ ሕዋስ አይገድልም፤ በተለይ ከአፈር ጋር ከእህል ላይ የሚመጡ አንዳንዶቹ ራሳቸውን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍነው ያልፋሉ። ወፍራም ገንፎ በጥልቅ ድስት ውስጥ እንዳለ ቢተው ደግሞ መሐሉ እስከ ማግሥቱ ለብ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ሙቀት እነዚያ ሕዋሳት የሚነቁበት ነው። ስለዚህ ገንፎውን ወዲያው በንጹሕ ሰፊ ሳፋዎች ላይ ከአራት ጣት በማይበልጥ ውፍረት ዘርግተው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ያቀዝቅዙት። እጅ ላይ ሙቀቱ የማይታወቅ እስኪሆን ይጠብቁ።

ገንፎው ከመቀዝቀዙ በፊት ሰናፍጩን አይጨምሩ። የሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ጉልበት በደረቁ ፍሬ ውስጥ የለም፤ የሚፈጠረው ፍሬው ተፈጭቶ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ ነው። ሙቅ ነገር ላይ ከገባ ያ ጉልበት አይወጣም፣ መራራነት ብቻ ይቀራል። ሰናፍጩን ለብቻ ፈጭተው በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰው ሩብ ሰዓት ያህል ይተውት፣ ከዚያ ከተደቀቀው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳምና በሶብላ ጋር የቀዘቀዘው ገንፎ ላይ ይጨምሩ። ሰናፍጭ ቅመም ብቻ አይደለም፤ ስልጆውን የሚያብላሉት ጎምዛዛ አድራጊ ሕዋሳት አብረውት ይገባሉ፣ የሚሰነጥቀው ጉልበቱም ሻጋታን ይከለክላል። ሰናፍጭ አነሰ ማለት እነዚህ ሁለቱም አነሱ ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በደንብ ከወጣ ስልጆ ሁለት ሦስት ማንኪያ ለይተው በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡና ለሚቀጥለው ዙር እንደ እርሾ ይጠቀሙበት። መብላላቱ ስለሚፈጥን ጥሩዎቹ ሕዋሳት ክፉዎቹን ይቀድሟቸዋል። ጥርጣሬ ካለበት ዙር ግን እርሾ አይውሰዱ፤ ጥፋቱ ወደ ሁሉም ይተላለፋል።

የተለወሰውን በታጠበና በታጠነ ማሰሮ ወይም በንጹሕ ክዳን ባለው የምግብ ዕቃ ይሙሉት፤ አንድ ስንዝር ያህል ከላይ ክፍት ይተዉ። ክፍሉ ለብ ያለ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይደርሳል። በደብረ ብርሃን ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ማሰሮው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ መብላላቱ ይዘገያል፤ እሳት በሚነድበት ማድ ቤት ከምድጃው ራቅ አድርገው ማስቀመጡ ይረዳል። በየቀኑ በታጠበ ማንኪያ አንዴ ያማስሉት።

የደረሰ ስልጆ ደስ የሚል ጎምዛዛ ሽታ ይኖረዋል፣ ሲማሰል ጥቃቅን አረፋ ያሳያል፣ የሰናፍጩ ንክሻ ከጎምዛዛነቱ ጋር ተስማምቶ ይመጣል። ለሽያጭ ግን ምላስ ብቻ አይበቃም። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች የሚይዙትን የፒኤች መለኪያ ወረቀት ይግዙ፤ ምግቡ ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ በቀለሙ ያሳያል። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ስልጆው 4.5 ወይም ከዚያ በታች ካልደረሰ አይሸጥ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ገዳይ መርዝ የሚያመነጨው ቦቱሊነም የተባለው ረቂቅ ሕዋስ ከ4.6 በታች ማደግ አይችልም። ስልጆ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ እርጥብና ወፍራም፣ ታሽጎ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ይህን መስመር ማለፍ አይቻልም። ወረቀቱ 5 አካባቢ እያሳየ ሰባት ቀን ካለፈ ያ ዙር ከሽፏል፤ ጨውና ቅመም ጨምሮ ማዳን አይቻልም።

በላዩ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም፣ ልጋግ የመሰለ ክር፣ ወይም የበሰበሰ ሥጋ የመሰለ ሽታ ካዩ ሁሉንም ይድፉት። ላዩን ገፎ ታችኛውን መሸጥ ስህተት ነው፤ የሻጋታው ሥር ዓይን ከሚያየው በላይ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ አንዳንዱም መርዝ ይተዋል።

አራተኛ፦ የሚቆይበትን ቀን መፈተን

የደረሰውን በ250 ግራም ዕቃዎች ይሙሉት። ሲሞሉ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተዉ፤ ስልጆ ዕቃ ውስጥ ሆኖም ጥቂት መብላላቱን ስለማያቆም ክዳኑን ያነሳል። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርሙስ ሳይሆን ጠንካራ የምግብ ፕላስቲክ እመርጣለሁ።

ለሙከራው አሥራ ሁለት ትንንሽ ዕቃ ይለዩ። አራቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አራቱን ደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ፣ አራቱን ደግሞ ቆላ ወዳለ ዘመድ፣ ለምሳሌ ሸዋ ሮቢት፣ ይላኩ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጣርማ በር ወደ ታች የወረደ ስልጆ ደጋ ላይ ካየነው በጣም በፈጠነ ሁኔታ ይለወጣል። ከእያንዳንዱ ቦታ አንድ አንድ ዕቃ በ5ኛው፣ በ10ኛው፣ በ15ኛውና በ20ኛው ቀን ይክፈቱ። የተከፈተውን ዳግም አይዝጉት፤ አንዴ አየር ከገባው ለሙከራው አይጠቅምም።

በከፈቱ ቁጥር ክዳኑ መነፋቱን፣ ሽታውን፣ ላዩንና የወረቀቱን ቁጥር ይጻፉ። ጎምዛዛነቱ ከልክ አልፎ የሰናፍጩ ጣዕም ከጠፋ፣ ምንም እንኳ ለጤና ባያሰጋ፣ ለሽያጭ ጊዜው አልፏል። ለእያንዳንዱ ቦታ ዕቃው ያለ ነቀፋ የተገኘበትን የመጨረሻውን ቀን ይያዙና ከሱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ በዕቃው ላይ ይጻፉ። መደርደሪያ ላይ የነበረው በ15ኛው ቀን ደህና፣ በ20ኛው ቀን ተነቅፎ ከተገኘ የሚጻፈው 10 ቀን ነው። የቀረው ገዢው ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ለሚረሳበት ቀን ነው። ቆላ የሄደው በ5ኛው ቀን ክዳኑ ተነፍቶ ከተገኘ ደግሞ ውሳኔው ግልጽ ነው፤ ወደ ቆላ በማቀዝቀዣ ካልሆነ አይላክም።

አምስተኛ፦ ድካሙንና ብክነቱን በብር ማየት

የሚከተሉት ዋጋዎች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ በእነሱ ፈንታ የራስዎን የገበያ ዋጋ ይተኩ።

ከላይ ያለው 5 ኪሎ 20 ዕቃ ይሞላል። ጥሬ ዕቃው 900 ብር፣ ዕቃዎቹ 500 ብር፣ ከሰሉና ወፍጮው 100 ብር ይሁኑ። የእጅ ሰዓቱን እንቁጠር፦ ባቄላ መልቀም፣ ማመስና መከካት ሁለት ሰዓት፤ ሱፍ መልቀም፣ መውቀጥና ማጥለል ሁለት ሰዓት፤ ማብሰል አንድ ሰዓት፤ ማቀዝቀዝና መለወስ አንድ ሰዓት፤ ዕቃ ማጠብና መሙላት አንድ ሰዓት። ሰባት ሰዓት በ60 ብር 420 ብር ነው። ድምሩ 1,920 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው የራሱን ድካም ከዚህ ስሌት ያወጣል፤ እንዲህ ያለው ሥራ አትራፊ የሚመስለው ሠሪው ደመወዝ ስላልተከፈለው ነው።

ሃያውም ከተሸጠ አንዱ ዕቃ 96 ብር ፈጅቷል። አራቱ ሳይሸጡ ቀናቸው ካለፈ ግን 1,920 ብሩን የሚሸከሙት 16 ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ 120 ብር ይሆናል። የተጣለው አራት ዕቃ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ሂሳቡን ያሳስታል፤ የተሸጠው እያንዳንዱ ዕቃ 24 ብር ጨምሮበታል።

አሁን ዙሩን እጥፍ እናድርገው። ጥሬ ዕቃው 1,800፣ ዕቃዎቹ 1,000፣ ከሰሉና ወፍጮው 150 ይሆናል። ድካሙ ግን እጥፍ አይሆንም፤ ትልቅ ድስት ለማማሰል የሚፈጀው ሰዓት ከትንሹ ብዙ አይበልጥም፣ ምጣዱም አንዴ ይሞቃል። ዘጠኝ ሰዓት ቢፈጅ 540 ብር ነው። ድምሩ 3,490 ብር፣ 40 ዕቃ፣ በአንዱ 87 ብር ገደማ። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ40 ውስጥ 24 ብቻ ቢሸጥ አንዱ ወደ 145 ብር ይወጣል። ትልቁ ዙር ከትንሹ የሚሻለው ቢያንስ 37 ዕቃ ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዙሩ የሚተልቀው ትእዛዝ ከተያዘ በኋላ ነው።

ድካሙን ያለ ብክነት ለመቀነስ የሚሻለው መንገድ ሌላ ነው። የባቄላውን ሥራ ይለዩት። ዱቄቱ ደረቅ ስለሆነ ለወር የሚበቃውን በአንድ ቀን አምሶ፣ ከክቶና አስፈጭቶ ማስቀመጥ ይቻላል። የሱፉ ሥራ ግን በየዙሩ ትኩስ መሆን አለበት። ለረዳት የሚከፈል ገንዘብ ካለ ለሱፉ ይክፈሉ፤ ገንዘብ ቆጥበው መሣሪያ የሚገዙ ከሆነም መጀመሪያ ሱፍ የሚፈጭና የሚያጠልል ይፈልጉ።

ስድስተኛ፦ ሽያጩን በጾም አቆጣጠር ማስኬድ

ስልጆ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው በነቢያት ጾምና በነሐሴ 1 በሚገባው በፍልሰታም ገዢ አለ። ከዚያ ውጪ ባለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ይዞ በየሳምንቱ ትልቅ ዙር መሥራት አያዋጣም፤ በትእዛዝ ብቻ ይሥሩ።

ስልጆ ለመድረስ ሳምንት ስለሚፈልግ የመጀመሪያው ዙር መበሰል ያለበት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። በቅበላ ሳምንት ሰው ሁሉ ሥጋና ቅቤ ላይ እያለ እርስዎ ባቄላ ሲያምሱ መገኘት አለብዎት። በየሳምንቱ አንድ ዙር ይበሰል፣ ያለፈው ሳምንት ዙር ይሸጥ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተሞላበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የውስጡን ዝርዝርና «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ይጻፉ። ሰናፍጭ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳልና በዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ይታይ። ወደ ሱቅና ሱፐርማርኬት ከመሄድዎ በፊት በከተማዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ይጨርሱ፤ የምግብ ደኅንነቱ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሥር ስለሚወድቅ ስለ ማምረቻ ቦታው መስፈርት ጤና ጽሕፈት ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሱቅ ውስጥ ሲያስቀምጡ «ካልተሸጠ መልሼ እወስዳለሁ» የሚል ስምምነት ባለሱቁን ያስደስታል፣ ግን ብክነቱን በሙሉ ወደ እርስዎ ያዞረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአንድ ሱቅ ከአምስት ዕቃ በላይ አይስጡ፤ ባለቀ ቁጥር ይጨምሩ። ቤት ለቤት ትእዛዝ ተቀብሎ ማክሰኞ ማድረስ ደግሞ ለረቡዕ ይደርሳል፣ ገንዘቡም ያልተሸጠ ዕቃ ሳይተው ይመለሳል።

የመጨረሻው ዙር በሆሳዕና ሳምንት የሚሸጥ መሆን አለበት። የበሰለበት ቀን ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ይሆናል ማለት ነው። ከትንሣኤ ማግሥት ስልጆ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም፤ ማሰሮ ውስጥ የቀረ ሁሉ ኪሳራ ነው። የተረፈው ገና ደረቅ ከሆነ ግን ምንም አልጠፋም፦ የባቄላው ዱቄት ከበርበሬና ከቅመም ጋር ወደ ሽሮ ይገባል፣ ያልተወቀጠው ሱፍ በቅርፊቱ እንዳለ በደረቅ ጆንያ እስከ ፍልሰታ ይቀመጣል፣ የሰናፍጩም ፍሬ እንደዚሁ። ጾሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ጥሬ ዕቃው እየበዛ፣ የበሰለው እያነሰ እንዲሄድ አድርገው ይግዙና ያብስሉ።